የዘገየ የበቆሎ መፈልፈያ እና ሁለት የይቅርታ ደብዳቤዎች

ዕቃ አዝዛችሁ፣ ግማሹን ከፍላችሁ፣ ቀጠሮው ካለፈ ወራት ከሆነው ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ወርክሾፕ ወይም ሱቅ ኖሯችሁ ደንበኛ ያስቀየማችሁም አንብቡት። አጎቴ ባህር ዳር ከሚገኝ አንድ ወርክሾፕ የበቆሎ መፈልፈያ አዝዞ ነበር። ማሽኑ በጣም ዘገየ። በመካከሉ ሁለት የይቅርታ ደብዳቤ ደረሰው። የመጀመሪያው ምንም አልፈየደም፣ ሁለተኛው ግን ጉዳዩን ዘጋው። የጽሑፉ ነገር የእኔ ሥራ ስለነበር ሁለቱንም በደንብ አውቃቸዋለሁ። የወርክሾፑን ስም አልጠቅስም፣ ለመጻፍ የተነሳሁት ለስም አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። አጎቴ የሚኖረው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ነው፣ አገሩ የበቆሎ አገር ነው። በቆሎ ኅዳርና ታኅሣሥ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ይደርቅና ይፈለፈላል። ማሽን የሌለው ሰው በዱላ ይወቃል ወይም ማሽን ካለው ሰው ተከራይቶ በኩንታል ይከፍላል። አጎቴ የፈለገው የራሱን ለመፈልፈልና ወቅቱን ሙሉ ለጎረቤት እየፈለፈለ ገንዘብ ለማግኘት ነው። እናም ይህ ማሽን ኅዳር ላይ ካለ ገቢ ነው። መጋቢት ላይ ሲመጣ ግን እስከ ሚቀጥለው ዓመት ድረስ ግቢ ውስጥ የሚቆም ብረት ነው። ወርክሾፑ መጀመሪያ ያልገባው ይሄ ነበር። የእነሱ ሐሳብ «ዘገየ እንጂ አልጠፋም» ነበር።

ውሉ የተፈረመው መስከረም 2017 ነው። ዋጋው ከነናፍጣ ሞተሩ 180,000 ብር። 90,000 ቅድሚያ ተከፈለ፣ ቀሪው 90,000 ርክክብ ላይ። የማስረከቢያ ቀኑ ኅዳር 15 ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ለዘገየ ቀን ይህን ያህል ይከፈላል የሚል መስመር ግን ውሉ ላይ አልነበረም። እዚህ አገር የአብዛኛው ወርክሾፕ ውል እንደዚያ ነው፣ ባለ አንድ ገጽ፣ ዋጋና ቀን ብቻ። መስመሩ ቢኖር ኖሮ ስለ ገንዘቡ የተከራከርነው ሁሉ አያስፈልግም ነበር።

ኅዳር አለፈ። ስልክ ስንደውል «በዚህ ሳምንት»፣ ከዚያ «ሞተሩ መንገድ ላይ ነው»፣ ከዚያ «ልጁ ይደውልላችኋል»። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አጎቴን «ጋሼ፣ በስልክ የተባለ ነገር ነገ ማስረጃ አይሆንም፣ በጽሑፍ እንጠይቃቸው» አልኩት። ይሄ እልህ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1772 መሠረት አንድ ሰው ውሉን አልፈጸመልኝም ብሎ መብቱን ለመጠየቅ በመርህ ደረጃ መጀመሪያ ፈጽም ብሎ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ከዚህ ውጪ የሚሆኑ ሁኔታዎች አሉ፣ ግን በእነሱ ከመተማመን አንድ ገጽ ወረቀት መጻፍ ይቀላል። አጠር አድርገን ጻፍን። የውሉን ቀን፣ የተከፈለውን፣ ያለፈውን ቀጠሮ፣ እስከ መቼ እንደምንጠብቅ። ኮፒው ላይ ተቀበልኩ ብለው ፈረሙልን። ያቺ ፊርማ ያለባት ኮፒ በኋላ ብዙ ጠቅማናለች።

መልሱ የመጀመሪያው የይቅርታ ደብዳቤ ነበር። በቴሌግራም ፎቶ አንስተው ላኩት። ቃሉ ይህን ይመስላል፦

«ከአቅም በላይ በሆኑ ምክንያቶች ማሽኑ በወቅቱ ባለመድረሱ ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማሽኑን በቅርብ ጊዜ ውስጥ እናስረክባለን። ለታማኝ ደንበኝነትዎ ምስጋና ይሆን ዘንድ በሚቀጥለው ግዢዎ የ5 በመቶ ቅናሽ እናደርጋለን። ይህን ቅናሽ ሲቀበሉ ከድርጅታችን ጋር ምንም ዓይነት የይገባኛል ጥያቄ እንደማይኖርዎት ያረጋግጣሉ።»

ለአጎቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና «ይቅርታውስ ደስ ይላል፣ ግን ደብዳቤው ውስጥ እኔ የለሁበትም» አለ። እውነቱን ነው። ይህ ደብዳቤ ወንበር ለዘገየበትም፣ ቁም ሣጥን ለዘገየበትም ይላካል። በቆሎ የሚለው ቃል የለበትም፣ ኅዳር 15 የሚለው ቀንም የለበትም።

ከዚያ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየነው። «ከአቅም በላይ» የሚለው ነገር ቀላል ቃል አይደለም። በሕግ ከአቅም በላይ የሚባለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ሥራውን ጨርሶ የሚከለክል ነገር ነው። በእኛ አካባቢ መንገድ እንደሚዘጋ፣ ኢንተርኔት እንደሚቋረጥ መስከረም 2017 ላይ ማንም ያውቀው ነበር፣ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የኖርንበት ነው። የዶላር ዋጋ ለገበያ የተለቀቀውም ሐምሌ 2016 ነው፣ ከውሉ በፊት። እነዚህን እያወቀ ኅዳር 15 ብሎ የፈረመ ሰው አላሰብኩትም ማለት ይከብደዋል። ይህን ስል መንገድ መዘጋቱ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። የቱ ቀን በመንገዱ፣ የቱ ቀን በእነሱ እንደዘገየ ለይተው ይንገሩን ነው ያልነው።

«በቅርብ ጊዜ» የሚለው ቀን አይደለም። ቅናሹም «በሚቀጥለው ግዢ» ነው። ገበሬ በስንት ዓመት አንዴ ነው መፈልፈያ የሚገዛው? ቅናሹን ለማግኘት ሌላ ማሽን መግዛት ሊኖርበት ነው። ደንበኛው ዳግመኛ የማይመጣበት ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ቅናሽ ካሳ ሊባል አይችልም።

ከሁሉም የከፋው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው ቶሎ አያየውም፣ ምክንያቱም ከምስጋናው በኋላ ነው የመጣው። «ምንም ዓይነት የይገባኛል ጥያቄ» ማለት የመዘግየቱን ብቻ አይደለም። ማሽኑ መጥቶ ቢበላሽ፣ በቆሎውን ቢሰብር፣ ሞተሩ ከውሉ ያነሰ ጉልበት ቢኖረው እሱንም ይዘጋል። ገና ላልታየ ማሽን ዋስትናውን አስቀድሞ አሳልፎ መስጠት ነው። እንደዚህ ዓይነት መስመር ካያችሁ አትፈርሙ፣ «እሺ ተቀብያለሁ» ብላችሁም በቴሌግራም አትመልሱ።

ቀጥሎ ጉዳታችንን በቁጥር አስቀመጥን። ቶሎ ብሎ 50,000 ካሱኝ ማለት ይቻል ነበር፣ አንዳንድ ዘመዶቻችንም እንደዚያ መክረው ነበር። ግን ከየት መጣ ሲባል መልስ የሌለው ቁጥር ውይይቱን ያበላሻል። እኛ ሁለት ነገር ብቻ ያዝን።

አንደኛው ከኪስ የወጣ ነው። አጎቴ የራሱን 80 ኩንታል በሰው ማሽን አስፈለፈለ፣ በኩንታል 50 ብር፣ 4,000 ብር። ባለ ማሽኑ በእጅ ጽፎ ፈርሞ ሰጠን። ሁለተኛው የቀረ ገቢ ነው። አጎቴ ማሽኑ ይመጣል ብሎ ከጎረቤቶቹ ቀጠሮ ይዞ ነበር፣ በጠቅላላው 900 ኩንታል ገደማ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው 900 በ50 ያባዛል። ልክ አይደለም። ማሽኑ ቢመጣ ኖሮ ናፍጣው፣ የሠራተኛው አበልና ዘይቱ በኩንታል 20 ብር ይወስድ ነበር። ስለዚህ የቀረበት በኩንታል 30 ብር ነው፣ በ900 ኩንታል 27,000 ብር። ከ4,000ው ጋር 31,000 ሆነ። ወጪውን ራሳችን ቀንሰን ማቅረባችን ንግግሩን ለወጠው። የወርክሾፑ ሒሳብ ያዥ በኋላ «እንደዚህ ተዘጋጅቶ የመጣ ደንበኛ አይቼ አላውቅም» ብላኛለች።

ይህን ከነማስረጃው አድርገን ሁለተኛ ደብዳቤ እንዲጽፉልን ጠየቅን። ምን እንዲኖረው እንደምንፈልግም ጻፍን። የዘገየበትን ምክንያት በየቀኑ ለይታችሁ፣ የምታስረክቡበትን ቀን ቆርጣችሁ፣ ካሳውን ከዚህ ማሽን ዋጋ ላይ፣ ደግሞም ገንዘቤን መልሱልኝ የማለት ምርጫን ጨምራችሁ። መጀመሪያ ዝም አሉ። በኋላ በእኛ በኩል አንድ የሚከበሩ ሽማግሌ፣ በእነሱም በኩል የባለቤቱ ወንድም ገብተው ተነጋገሩ። ሽምግልናው የጠቀመው ለሰላምታው ነው፣ ሰውን ወደ ጠረጴዛ ያመጣል። ቁጥሩንና ቀኑን ግን ወረቀቱ ነው የያዘው፣ አጎቴም ሽማግሌዎቹን «የተስማማነው ሁሉ ይጻፍልኝ» ብሎ ነው የለመናቸው።

ሁለተኛው ደብዳቤ የካቲት 12 ተጻፈ። ቁጥርና ቀን አለው፣ ማህተም አለው፣ የፈረመው ባለቤቱ ራሱ ነው። በፎቶ ሳይሆን ዋናው በፖስታ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ መጣ። ዋናውን ክፍል ልጻፈው፣ ምክንያቱም እንደዚህ ተጽፎ ያየሁት ደብዳቤ ጥቂት ነው፦

«መስከረም ላይ በተፈራረምነው ውል ማሽኑን ኅዳር 15 ቀን 2017 ልናስረክብዎ ይገባ ነበር። አላስረከብንም። የማሽኑን ሞተር ጥቅምት ላይ መግዛት ሲገባን፣ ከእርስዎ የተቀበልነውን ገንዘብ ቀድሞ የታዘዘ ሌላ ሥራ ለመጨረስ ተጠቀምንበት። ለሞተሩ የከፈልነው ታኅሣሥ 5 ነው። ይህ ጥፋት የእኛ ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከአዲስ አበባ ሲመጣ መንገድ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ደጀን ላይ ቆሟል። ሆኖም በወቅቱ ከፍለን ቢሆን ኖሮ ሞተሩ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ይደርስ ስለነበር፣ ይህንንም እንደ ምክንያት አናቀርብም። በዚህ ምክንያት የመፈልፈያው ወቅት እንዳለፈብዎ እናውቃለን፣ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

አጎቴ ይህን ሲሰማ «አሁን አወሩ» አለ። ልብ በሉ፣ ጥፋቱን ያመኑበት ቦታ ላይ «መጉላላት» የሚል ቃል የለም። የመፈልፈያው ወቅት አለፈብዎ ነው ያሉት። የደረሰውን ነገር በስሙ ጠሩት። የመንገዱን ነገርም በትክክለኛው ቦታ አስቀመጡት። ቀጠሮው ካለፈ በኋላ የተዘጋ መንገድ ለመጀመሪያው መዘግየት ምክንያት ሊሆን አይችልም፣ እነሱም ሳይከራከሩ ጻፉት። ወርክሾፕ ያላችሁ ሰዎች ይህን መጻፍ ያስፈራችኋል፣ አውቃለሁ፣ ነገ በፍርድ ቤት ይቀርብብናል ትላላችሁ። ግን ደንበኛው ቀኑን ቆጥሮ ያውቀዋል። የውሉ ቀንና የሞተሩ ደረሰኝ ቀን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሁሉም ይታያል። ደብዳቤው የደበቀው ነገር ቢኖር አጎቴ ለሽማግሌ የሚሰጠው ፊት አይኖርም ነበር።

ካሳው ላይ 31,000ውን ሙሉ አልተቀበሉም። 4,000ውን ያለ ጥያቄ ተቀበሉ፣ የባለ ማሽኑ ፊርማ ስላለ። ከ900 ኩንታል ውስጥ ግን አጎቴ ደብተር ላይ ስምና መጠን ጽፎ ጎረቤቶቹ የፈረሙበት 600ው ብቻ ነበር። የቀረው 300 በቃል የተባለ ነው። ስለዚህ 600 በ30፣ 18,000 ብር። ከ4,000ው ጋር 22,000 ብር። አጎቴ በ300ው ቅር ብሎት ነበር፣ እኔ ግን ልክ ናቸው ብዬ ነገርኩት። በደብዳቤው ላይ እንዴት እንዳሰሉት መስመር በመስመር ጽፈዋል፣ ያልተቀበሉትንም ለምን እንዳልተቀበሉት። «ከበጎ ፈቃዳችን የተነሳ» ብለው የጻፉት ነገር የለም። ካሳ በሒሳብ ሲመጣ ሰው የሚከራከረው ከሒሳቡ ጋር ነው፣ ከሰውየው ጋር አይጣላም።

22,000ው የሚቀነሰው ከቀሪው 90,000 ላይ ነው፣ ርክክብ ላይ የሚከፈለው 68,000 ይሆናል ማለት ነው። ማጓጓዣው በውሉ በአጎቴ ላይ ነበር፣ እሱን ወርክሾፑ ወሰደው፣ በራሱ አይሱዙ ጭኖ ግቢው ድረስ። ዋጋ አንጨምርም ብለውም ጻፉ። ይህ ትንሽ መስመር ይመስላል፣ ግን ዕቃ በዘገየ ቁጥር «ብረት ጨምሯል» የሚል ስልክ ስለሚመጣ አስፈላጊ ነው።

ምርጫውም ነበረበት። አጎቴ ማሽኑን ካልፈለገ እስከ የካቲት 25 በጽሑፍ ያሳውቃል፣ 90,000ው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ በባንክ ሒሳቡ ይገባል፣ 4,000ውም አብሮ። የቀረውን ገቢ ግን በዚህኛው መንገድ አይከፍሉም። ይሄ ያነሰ ነው፣ ተናድጄበትም ነበር፣ ምክንያቱም ወቅቱ ያለፈው ማሽኑን ቢወስድም ባይወስድም ነው። እኔ ብሆን እዚህ ላይ ገፍቼ እጠይቅ ነበር። አጎቴ ግን ማሽኑን ስለሚፈልግ፣ በእሱ ጉዳይ ላይ ለውጥ ስለሌለው፣ ተወው አለኝ። ገንዘባችሁን ለማስመለስ የምታስቡ ከሆነ ግን ይህን ነጥብ አትለፉት።

የማስረከቢያው ቀን መጋቢት 10 ተባለ። ከዚያ ካለፈ በየሳምንቱ 2,000 ብር ተጨማሪ ይቀነሳል ብለው ራሳቸው ጻፉ። ውሉ ላይ ያልነበረችው መስመር በይቅርታው ደብዳቤ ገባች ማለት ነው። ደግሞ የምንደውልበት አንድ ሰው ተጠቀሰ፣ «ልጁ» ሳይሆን ስሟና የሥራ ድርሻዋ ያለ፣ ያቺው ሒሳብ ያዥ። በየሳምንቱ ሰኞ እሷ ራሷ ትደውል ነበር፣ አዲስ ነገር ባይኖርም «እየተገጣጠመ ነው አባቴ» ትለዋለች። አጎቴ ከዚያ ወዲህ እኔን «ደውልላቸው» ብሎኝ አያውቅም።

የመጨረሻው መስመርም ተስተካከለ። «ምንም ዓይነት የይገባኛል ጥያቄ» የነበረው «ከኅዳር 15 እስከ መጋቢት 10 ላለው መዘግየት ከላይ የተጠቀሰው ካሳ የመጨረሻ ነው። በማሽኑ ጥራትና በአንድ ዓመት ዋስትናው ላይ ያለዎት መብት እንደተጠበቀ ነው። ዋስትናው የሚቆጠረው ከርክክቡ ቀን ነው» ሆነ። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሽማግሌዎቹ ያስጨመሯት ናት። ዋስትናው ከውሉ ቀን ቢቆጠር ግማሹ ማሽኑ ሳይመጣ ያልቅ ነበርና።

መጋቢት 10 መጣ፣ ከሰዓት በኋላ። አጎቴ ለሙከራ ብሎ ጥቂት ጆንያ በቆሎ ከነቆረቆንዳው አስቀምጦ ነበር፣ ይህን ማንም ሳይመክረው ነው ያደረገው። ሞተሩ ተነሳ፣ በቆሎው ተጨመረ። እሱ የሚያየው ሦስት ነገር ነበር። ቆረቆንዳው ላይ ያልተፈለፈለ ፍሬ ቀርቷል ወይ፣ ፍሬው ተሰብሯል ወይ፣ ከገለባው ጋር ፍሬ እየበረረ ነው ወይ። እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ በተነና በጣቱ እየገፋ አየ። መጀመሪያ ላይ የተሰበረ በዛ። በቆሎው በደንብ የደረቀ ስለነበር እርጥበት ነው ማለት አልተቻለም። መካኒኩ የሞተሩን ፍጥነት ቀነሰ፣ በሲሊንደሩና በወንፊቱ መካከል ያለውን ክፍተትም ትንሽ አሰፋ። ሁለተኛው ዙር ላይ አጎቴ ራሱን ነቀነቀ።

የርክክብ ሰነዱ ላይ ይህ ሁሉ ተጻፈ። የተሞከረበት ቀን፣ የተስተካከለው ነገር፣ የሞተሩ ቁጥር። ሒሳቡ ላይ ግን መጀመሪያ «የማሽኑ ዋጋ 158,000 ብር» ብለው ነበር ያመጡት። እንዲቀየር ጠየቅን። የማሽኑ ዋጋ 180,000 ብር ነው፣ 90,000 ቀድሞ ተከፍሏል፣ 22,000 ለመዘግየት ካሳ ተቀንሷል፣ 68,000 ዛሬ ተከፈለ ተብሎ ተለያይቶ ተጻፈ። ነገ በዋስትናው ገንዘብ መመለስ ቢመጣ የሚመለሰው የማሽኑ ዋጋ እንጂ ከካሳው የተረፈው አይደለም። አጎቴ 68,000ውን በባንክ አስተላለፈ፣ ሹፌሩና መካኒኩ ምሳ በሉ፣ የሰነዱ አንዱ ኮፒ ከሁለቱ ደብዳቤዎችና ከተፈረመችው ማስጠንቀቂያ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ ገባ።